ለንደን ወደ ኋላ፣ ሜልበርን ወደ ፊት፤ የካ መካከል ላይ

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ከውጭ አገር ጋር የሚሠሩ ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም። ሒሳብ የሚይዙ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ፣ የእርዳታ ፕሮጀክት የሚያስተባብሩ ናቸው። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል አንዱ የሥራ ባልደረባቸው ለንደን፣ ሌላው ሜልበርን የሆነባቸው በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ግራ መጋባት ይገጥማቸዋል። ሳምንታዊው ስብሰባ ለወራት በሰላም ሲካሄድ ቆይቶ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ አንድ ቀን አንዱ ወገን አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይገኛል። ያን ሲያስተካክሉ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሌላኛው ወገን ይዛነፋል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ሰውም አልሰነፈም። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ተራ በተራ ተቀይሯል፤ መሃል ላይ ያለነው እኛ ግን ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም።

ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ዩቲሲ ከሚባለው፣ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በሰኔም ሆነ በታኅሣሥ እንጦጦ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ሰው ለሥራ በሚነሳበት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰዓት ማንቀሳቀስ የሚያተርፍልን ነገር የለም። ለንደን ግን በሰኔ አጋማሽ ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን ታገኛለች፤ በታኅሣሥ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላላትም። ብርሃኑ ሲረዝም ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ሲያጥር ይመልሱታል። ሜልበርንም በዚሁ ምክንያት ይህንኑ ታደርጋለች፤ ሆኖም የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነ ለንደን ሲሞቅ እሷ ይበርዳታል። ለንደን ሰዓቷን በምትመልስበት ጥቅምት ሜልበርን ሰዓቷን ወደ ፊት የገፋችው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ሁለቱም ስለሚቀይሩ ልዩነቱ ያው ነው» ይላል። ይህ ለዋሽንግተንና ለለንደን ይሠራል። ሁለቱም ሰሜን ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚለያዩት በቀኑ ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው 5 ሰዓት በመጋቢት ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ በጥቅምት ደግሞ ለአንድ ሳምንት 4 ይሆንና ተመልሶ 5 ይሆናል። ለንደንና ሜልበርን ግን የሚሄዱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሜልበርን ከለንደን ቀድማ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ እሷ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስትሄድና ለንደን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስትመለስ ሁለቱ እርምጃዎች አይጠፋፉም፤ ይደመራሉ። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በዓመቱ ግማሽ 9 ሰዓት፣ በሌላው ግማሽ 11 ሰዓት ነው፤ በሽግግሩ ሳምንታት ደግሞ 10 ይሆናል።

የካ ለተቀመጠ ሰው ይህን ለመያዝ የሚያመች መንገድ አለ። እኛ ስለማንንቀሳቀስ የሁለቱን ልዩነት የምናገኘው እያንዳንዳቸው ከእኛ ያላቸውን ርቀት በመደመር ነው። ለንደን ከእኛ ወደ ኋላ 2 ወይም 3 ሰዓት ናት። ሜልበርን ከእኛ ወደ ፊት 7 ወይም 8 ሰዓት ናት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ሁለቱም ይቀርቡናል፤ 2 ሲደመር 7፣ ማለትም 9። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ሁለቱም ይርቁናል፤ 3 ሲደመር 8፣ ማለትም 11። በመካከል፣ አንዱ ቀይሮ ሌላው ሳይቀይር፣ ለንደን በ2 ቀርባ ሜልበርን በ8 ርቃ የምትቆይበት ጊዜ አለ። ይህ 10 ነው፤ አደጋው ያለውም እዚህ ነው።

የ10 ሰዓቱ ዘመን በመጋቢት ሁልጊዜ ልክ አንድ ሳምንት ነው። ለንደን የምትቀይረው በፈረንጆች መጋቢት የመጨረሻ እሁድ፣ ሜልበርን የምትመልሰው በሚያዝያ የመጀመሪያ እሁድ ነው፤ እነዚህ ሁለት እሁዶች ምን ጊዜም ይከታተላሉ። በእኛ አቆጣጠር የለንደኑ ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው ውስጥ የሚውለው እሁድ ነው፤ የሜልበርኑ የሚቀጥለው እሁድ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ግን ክፍተቱ ረዘም ይላል። ሜልበርን በፈረንጆች ጥቅምት የመጀመሪያ እሁድ፣ ከመስቀል በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ትገፋለች፤ ለንደን የዚያው ወር የመጨረሻ እሁድ፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ፣ ትመልሳለች። በመካከሉ ሦስት ሳምንት፣ በአንዳንድ ዓመት አራት ሳምንት አለ። በ2019 ዓ.ም. የሜልበርኑ መስከረም 24፣ የለንደኑ ጥቅምት 15 ነው፤ ሦስት ሳምንት ማለት ነው። በ2020 ዓ.ም. ግን መስከረም 22 እና ጥቅምት 20 ስለሚሆኑ አራት ሳምንት ይሞላል። በመጋቢቱ አንድ ሳምንት ያለችግር ያለፈ ሰው በጥቅምቱ የሚደናገጠው ለዚህ ነው፤ ያኛው ሳይታወቅ ያልፋል፣ ይህኛው ግን ሦስትና አራት ስብሰባ ይበላል።

አሁን አንድ ስብሰባ ይዘን እስከ መጨረሻው እንከተለው። መገናኛ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የፕሮጀክት አስተባባሪ በየማክሰኞው ለንደን ካለው የገንዘብ ክፍልና ሜልበርን ካለው የቴክኒክ አማካሪ ጋር ትገናኛለች እንበል። የአዲስ አበባን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ የእነሱን በእነሱ አቆጣጠር ልጻፍ። ማክሰኞ መስከረም 19 ቀን 2019 ስብሰባው በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ለንደን 8:00፣ ሜልበርን 17:00። ይህ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የተመቸው ጊዜ ነው። ለንደን ሥራ ትጀምራለች፣ ሜልበርን ሥራ ትጨርሳለች፣ እኛ መካከሉ ላይ ነን። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር የሚወሰነው ቀጠሮው በማን ሰዓት እንደታሰረ ነው።

ቀጠሮው በለንደን ሰዓት ታስሮ ከሆነ ማክሰኞ መስከረም 26 ለእኛ አሁንም 4 ሰዓት ነው፤ ለሜልበርን ግን 18:00 ሆኗል። ጥቅምት 17 ሲደርስ ለንደን ያው 8:00 ናት፤ እኛ 5 ሰዓት ደርሰናል፤ ሜልበርን 19:00። የለንደኑ ሰው ዓመቱን ሙሉ ምንም አልተሰማውም፤ የሜልበርኑ ሰው ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዓት ከምሽቱ ተወስዶበታል። ቀጠሮው በሜልበርን 17:00 ታስሮ ከሆነ ግን ግፉ ወደ ሌላው ይዞራል። መስከረም 26 በእኛ 3 ሰዓት፣ ለንደን 7:00፤ ጥቅምት 17 በእኛ 3 ሰዓት፣ ለንደን 6:00። ከሌሊቱ ጨለማ ተነስቶ ስብሰባ የሚገባ ሰው ብዙ ሳይቆይ «አልችልም» ይላል።

ቀጠሮው በአዲስ አበባ 4 ሰዓት ታስሮ ከሆነ ደግሞ መስከረም 26 ለንደን 8:00፣ ሜልበርን 18:00 ነው፤ ጥቅምት 17 ለንደን 7:00፣ ሜልበርን 18:00። ሁለቱም አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ተንቀሳቅሰዋል። የእኔ ምክር በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ሰው የካ ከሆነ ቀጠሮው በአዲስ አበባ ሰዓት ይታሰር፤ ግብዣውንም የሚልከው እዚህ ያለው ሰው ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ገንዘቡ ያለው ለንደን ስለሆነ ግብዣውንም ለንደን ይልካል፤ ሁለቱ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ሜልበርን ላይ ይወድቃል፤ የእኛም ፕሮግራም አንድ ሰዓት ይገፋል። ስብሰባው ዓርብ ከሆነ ይህ ለእኛም ይብሳል፤ 5 ሰዓት የጀመረ ስብሰባ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከሚጀምረው የዓርብ ረፍትና የጁምዓ ሶላት ጋር ይጋጫል።

ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያለውን 11 ሰዓት የሚያሳጥር ዘዴ የለም። የሚቻለው ሸክሙን መካፈል ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ታስሮ የነበረውን 4 ሰዓት ለአምስቱ ወራት 4 ሰዓት ተኩል ቢያደርጉት ለንደን 7:30፣ ሜልበርን 18:30 ይሆናል። ለንደን ከመደበኛው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል፤ ሜልበርንም ከለመደው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ይቆያል። አንዳንድ ቡድኖች ደግሞ ተራ ይገባሉ፤ አንድ ሳምንት 4 ሰዓት፣ ቀጣዩን 5 ሰዓት። እኔ ይህን አልወደውም፤ ሦስት አገር ያለ ሰው በየሳምንቱ የሚቀያየር ቀጠሮ ሲይዝ መርሳቱ አይቀርም። ይልቅስ ሁሉም እንዲገኝ የማያስፈልግበትን ስብሰባ ከወርኃዊው ለይቶ፣ ሳምንታዊውን እኛና ለንደን ብቻ አድርገን ለሜልበርን ማስታወሻ መላክ፣ በወር አንዴ ደግሞ ሦስቱንም ማገናኘት በእነዚህ ወራት የተሻለ ነው።

ቀጠሮን በአዲስ አበባ ሰዓት ማሰር ማለት በኮምፒውተሩ ካላንደር ውስጥ ትክክለኛውን ቀጣና መምረጥ ማለት ነው። በማይክሮሶፍት አውትሉክ ዝርዝር ውስጥ እኛ የምንገባው `(UTC+03:00) Nairobi` በሚለው ስር ነው፤ ናይሮቢም ሰዓት አትቀይርም። ለንደን `(UTC+00:00) Dublin, Edinburgh, Lisbon, London` ናት። ከአጠገቧ `(UTC) Coordinated Universal Time` እና `(UTC+00:00) Monrovia, Reykjavik` አሉ፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አይንቀሳቀሱም። «ለንደን ማለት ዜሮ ነው» ብሎ ከእነዚህ አንዱን የመረጠ ሰው በፈረንጆች ክረምት ትክክል ነው፤ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ግን አንድ ሰዓት ይሳሳታል። ሜልበርን ላይ ወጥመዱ ይበልጥ የተደበቀ ነው። `(UTC+10:00) Canberra, Melbourne, Sydney` እና `(UTC+10:00) Brisbane` የሚሉት ሁለቱም አንድ ቁጥር ይዘው ይታያሉ፤ ዓመቱን ሙሉም እንደዚያው ተጽፈው ይቆያሉ። ብሪዝበን ያለችበት ኩዊንስላንድ ግን ሰዓት አይቀይርም። ብሪዝበንን የመረጠ ሰው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ምንም ስህተት አያይም፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ቁጥሩን ትቶ የከተማውን ስም ማንበብ ነው የሚያድነው።

በደብዳቤ የሚመጣ ሰዓትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአውስትራሊያ በጥቅምት ወር «17:00 AEST» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ እነዚህ ፊደላት የሚያመለክቱት ያልተገፋውን ሰዓት ነው፤ በጥቅምት ሜልበርን ያለው AEDT ነው። ጸሐፊው ከልማድ የጻፈው ሊሆን ይችላል፤ ብሪዝበን ያለ ሰውም ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰዓት ስለሚለያዩ መገመት አያስፈልግም፤ «በሜልበርን ሰዓት ነው ወይስ በብሪዝበን?» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል።

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ይህን ችግር ከሥሩ ነቅለውታል። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የስፋታቸው መጠን 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ማዕከል አለ። እንደ እንጦጦ ካለ ቦታ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ዝቅ ብሎ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የደቡቡ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ከዋክብት ይታያሉ። የዓለም ከዋክብት ተመልካቾች የትም ይሁኑ የትም ያዩትን የሚመዘግቡት በዩቲሲ ነው፤ አንዱ ሰሜን ሌላው ደቡብ ሆኖ ያየውን ሲያነጻጽር ሰዓቱ ላይ ክርክር እንዳይነሳ። ለቢሮ ሰውም ይህ ይጠቅማል። ለስብሰባ ዩቲሲ አስቸጋሪ ነው፤ ሰው ቁርሱን በዩቲሲ አይበላም። የሥራ ማስረከቢያ ሰዓት፣ የክፍያ መዝጊያ፣ የጨረታ ማስገቢያ ከሆነ ግን ከከተማው ሰዓት ጎን የዩቲሲውን መጻፍ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለእኛ ስሌቱም ይቀላል፤ ዩቲሲ 7:00 ማለት በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ወር።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ጥፋቱ የት እንዳለ ማወቅ የሚቻለው የተዛነፈበትን ቀን በማየት ነው። ከመስከረም መጨረሻ እሁድ በኋላ ሜልበርን ብቻ ከተሳሳተ፣ በግብዣው ውስጥ ብሪዝበን ተመርጧል፤ ወይም አንድ ሰው ሰዓቱን ከካላንደር ሳይሆን «7 ሰዓት ይቀድሙናል» ከሚል ትውስታ አስልቶታል። መስከረም ላይ ሁሉም ደህና ሆኖ ከጥቅምት አጋማሽ እሁድ በኋላ እኛ አንድ ሰዓት ቀድመን ከገባን፣ ቀጠሮው የታሰረው በለንደን ሰዓት ነው፤ 4 ሰዓት የጠበቅነው 5 ሰዓት ሆኗል። በመጋቢት ለአንድ ሳምንት ብቻ ተዛንፎ ራሱ ከተስተካከለ፣ አንድ ሰው ለንደንና ሜልበርን በአንድ ቀን ይቀይራሉ ብሎ በእጁ አስልቷል ማለት ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ከተሳሳተ፣ የሰዓት ቀጣናው በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገው ምርጫ አልተከፈተም ወይም ስልኩ ለረጅም ጊዜ አልታደሰም።

ለፈረቃ ሠራተኛና ለጥሪ ማዕከል የለውጡ ደቂቃ ራሱ ያስፈልጋል። ሜልበርን የምትቀይረው በእነሱ እሁድ ሌሊት ነው፤ ያ ግን ለእኛ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ነው። ለንደን የምትቀይረው በእኛ እሁድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ፈረቃ ላይ ያለ ሰው ከሜልበርን ደንበኛ ጋር ሲነጋገር በንግግሩ መካከል ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሊቀየር ይችላል፤ በዚያች ሌሊት መዝገብ የሚይዝ ሰው የሜልበርኑን ሰዓት ትቶ የአዲስ አበባውን ቢጽፍ ይሻላል። በመጋቢቱ መመለሻ ሜልበርን ውስጥ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ስለሚደገም፣ ከ2:00 እስከ 3:00 ያለ ማንኛውም ምዝገባ የመጀመሪያው ይሁን የሁለተኛው አይታወቅም።

ደቡብ ያለ ሁሉ ሰዓት ይቀይራል ማለት አይደለም። ጆሃንስበርግ ሁልጊዜ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ፐርዝ ሁልጊዜ 5 ሰዓት ትቀድመናለች። ሲድኒ፣ ካንቤራና ሆባርት እንደ ሜልበርን ናቸው። ኒውዚላንድ ደግሞ ትገፋለች፣ ነገር ግን ከሜልበርን አንድ ሳምንት ቀድማ፣ በፈረንጆች መስከረም የመጨረሻ እሁድ፤ የምትመልሰው ከሜልበርን ጋር በአንድ ቀን ነው። አገሮች ሕጋቸውን ሊቀይሩም ይችላሉ፤ ግብፅ ለዓመታት ትታው የነበረውን የሰዓት መግፋት በፈረንጆች 2023 መልሳለች። ስለዚህ የዘንድሮውን ቀን በእጅ ጽፎ ለዓመታት መጠቀም አያዋጣም።

ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ለሁለቱም ወገን የሚላክ መልእክት እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «የማክሰኞ ስብሰባችን በአዲስ አበባ ጠዋት 4 ሰዓት (10:00፣ ዩቲሲ 7:00) እንደሆነ ይቀጥላል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ሜልበርን 18:00፣ ለንደን 8:00 ይሆናል። ከጥቅምት 17 ጀምሮ ሜልበርን 18:00፣ ለንደን 7:00 ይሆናል። ለንደን 7:00 ካስቸገረ ከጥቅምት 17 በኋላ ወደ 4 ሰዓት ተኩል እንለውጠው፤ መልሳችሁን እስከ መስከረም 30 ላኩልን።» የእኛን ቀን ከፈረንጆቹ ጋር ጎን ለጎን መጻፍ አይዘንጋ፤ መስከረም 26 በ2019 ዓ.ም. ለእነሱ ጥቅምት 6፣ ጥቅምት 17 ደግሞ ጥቅምት 27 ቀን 2026 ነው።